«የለም» ያልናቸው ሰዎች

ካቻምና ጳጉሜን 3 ቀን የሆነ ነገር ነው። ከዚያ ወዲህ ዕቃ ለማዘዝ ደብተር በገለጥኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ደብረ ማርቆስ ያለችው ሱቃችን ትንሽ ናት። ዩኒፎርም፣ ሹራብ፣ ደብተር፣ ቦርሳ እንሸጣለን። ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ ሲዘንብ ነበር። ደጁ ላይ ሰው ተደራርቦ ቆሟል። አንዲት እናት ሴት ልጃቸውን በእጃቸው ይዘው ገቡ። ነጠላቸው ርሷል፤ የልጅቷ የፕላስቲክ ጫማ ጭቃ በጭቃ ሆኗል። ከከተማው ወጣ ካለ ቀበሌ በእግራቸው እንደመጡ ያስታውቃል። ልጅቷ ያን ዓመት ሁለተኛ ክፍል የምትገባ ናት። የፈለጉት ሰማያዊውን የትምህርት ቤት ሹራብ ነው።

«ስንት ቁጥር ይሆናታል እናቴ?» አልኳቸው።

«እኔ ቁጥሩን ምን አውቄ ልጄ፣ ለከርሞም እንዲሆናት አርገሽ ስጪኝ።»

28 ነበር የሚሆናት። 28 ደግሞ ትናንት አልቋል። 26 አለበስኳት፤ እጅጌው አንጓዋ ላይ ቀረ። 30 ሦስት ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ሦስቱም ቀብድ ተከፍሎባቸዋል። 32 ስትለብስ እጆቿ ውስጥ ጠፉ። እናትየዋ እጅጌውን ሁለት ጊዜ አጠፉላት፤ ትንሽ አዩዋትና ፈቱት። «ይሁን፣ ዞር ዞር ብዬ እመለሳለሁ» ብለው ወጡ። አልተመለሱም።

ሲወጡ እህቴ ከመደርደሪያው በስተኋላ ሆና፣ «ዛሬ ለ28 ስንተኛዋ ናቸው?» አለችኝ። ዝም አልኩ። አላውቅም ነበር። የሸጥነውን ሁሉ አንድ በአንድ እንጽፋለን። ሳንሸጥለት የሄደውን ሰው ግን የትም አልጻፍነውም።

ደብተሩ የማያውቀው

መስከረም አልቆ ሰው ሲቀንስ ሒሳብ ተቀመጥን። የዚያን ትምህርት ቤት ሹራብ 160 አስመጥተን ነበር። የሸጥነው 115 ነው። 45 ሹራብ መደርደሪያ ላይ ቀርቷል። አንዱ የገባልን በ480 ብር ስለሆነ 21,600 ብር ታስሮ ተቀመጠ ማለት ነው። አባዬ ቁጥሩን አይቶ፣ «በቃ፣ ለሚቀጥለው 120 ይበቃል» አለ። ነጋዴ ሁሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ የተሸጠውን ያይና እሱን ያህል ያዛል።

እኔ ግን ያቺ ልጅ ከዓይኔ አልጠፋችም። 45 ተርፎ እንዴት ለእሷ የሚሆን ጠፋ?

ስለዚህ 115ቱን በቁጥር በቁጥር ለየሁት። ስናዝ ለሁሉም ተቀራራቢ አድርገን ነበር፦ 24 እና 34 ሃያ ሃያ፣ በመሃል ያሉት አራቱ ቁጥሮች ሠላሳ ሠላሳ። ከቁጥር 24 የተሸጠው 6 ብቻ ነው። ከ26 ደግሞ 17። ከ34 የወጣው 8 ነው፤ ከ32 ግን 24 ሄዷል። 28 እና 30 ሠላሳ ሠላሳቸውም አልቀዋል። 28 ያለቀው ጳጉሜን 2 ነው፤ 30 ጳጉሜን 4 ላይ።

እዚህ ላይ ቆም አልኩ። «30 ተሸጠ» የሚለው ቁጥር የገዢውን ብዛት አይነግርም። የእኛን የዕቃ ብዛት ነው የሚነግረው። 30 ነበረን፣ 30 ሸጥን። 50 ሰው መጥቶ ቢሆንም ደብተሩ ላይ የሚጻፈው ያው 30 ነው። በሌሎቹ ቁጥሮች ግን ዕቃው ስለተረፈ፣ የተሸጠው የመጣውን ሰው ያህል ነው ማለት ይቻላል። ሁለቱን ዓይነት ቁጥር በአንድ ዓይን አይቶ መደመር ነው ያሳሳተን።

ታዲያ የ28 ትክክለኛ ፈላጊ ስንት ነበር? ማንም ስላልጻፈው በቀጥታ ማወቅ አይቻልም። በዘወርዋራ ግን መገመት ይቻላል። 32 እስከ መጨረሻው አላለቀም፤ ስለዚህ ሰው መቼ መቼ እንደመጣ እሱ ያሳያል። ከ32 ከተሸጡት 24 ውስጥ እስከ ጳጉሜን 2 የሄደው 12 ነው። ግማሹ ሰው የመጣው ከጳጉሜን 2 በኋላ ነው ማለት ነው። 28ም እንደዚያው ከሆነ፣ ሠላሳው ያለቀው ገና በግማሽ መንገድ ላይ ነው፤ ቢኖረን ወደ 60 ይሸጥ ነበር። በ30ም ያንኑ አደረግሁ። እስከ ጳጉሜን 4 ከ32 የተሸጠው 15 ነው፤ ከ24ቱ 15። በዚያ ሲሰላ የ30 ፈላጊ 48 አካባቢ ይመጣል።

ከዚያ ሁሉንም ደመርኩት፦ 6፣ 17፣ 60፣ 48፣ 24፣ 8። 163 መጣ።

ወረቀቱን ለአባዬ አሳየሁት። መጀመሪያ ያዘዝነው 160 ልክ ነበር። የጎደለን ሹራብ አይደለም፤ ድልድሉን ነው የሳትነው። 120 ብናዝና እንደገና እኩል እኩል ብናደርገው ኖሮ፣ 28 ጭራሽ ከጳጉሜን በፊት ያልቅብን ነበር። ትናንሾቹ ደግሞ እንደገና ይተርፉ ነበር። አባዬ ወረቀቱን አገላብጦ አየና፣ «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» አለ። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ አጠገቤ ተቀመጠ።

ግምቱ ቀዳዳ አለው። 30 ያጣ ሰው 32 ገዝቶ ሄዶ ሊሆን ይችላል። እንደዚያ ከሆነ ከጳጉሜን 4 በኋላ የ32 ሽያጭ ከልኩ በላይ ያበጠ ነው፤ የእኔም 60 እና 48 ትንሽ የተጋነኑ ናቸው። ስለዚህ ለ28 ከ60 ይልቅ 50፣ ለ30 ከ48 ይልቅ 42 ያዝኩ። ሲጠራጠሩ ዝቅ ማድረግ ይሻላል። የጎደለ ሹራብ የሚያሳጣን የአንድ ሹራብ ትርፍ ነው፤ የተረፈው ግን መነሻውንም ይዞ ይቀመጣል።

ትንሹ ለምን ይተርፋል

ትናንሾቹ ቁጥሮች ለምን እንደማይሄዱ የገባኝ ቆይቶ ነው። የአንደኛ ክፍል ልጅ ሰባት ዓመት ገደማው ነው። በልኩ ቢለካ 24 ወይም 26 ነው የሚሆነው። በልኩ የሚገዛ ወላጅ ግን የለም። «ለከርሞም እንዲሆነው» የሚለው ቃል ቁጥሩን አንድ ደረጃ ወደ ላይ ይገፋዋል። ልጁ 26 ነው፣ እናት 28 ትገዛለች። እጅጌው ይታጠፋል፤ ዓመቱ ሲጋመስ ይፈታል። ደብረ ማርቆስ ብርድ ነው፤ ሹራብ ከመስከረም እስከ ሰኔ ከልጁ ገላ አይወርድም። አንድ ሹራብ ሁለት ዓመት እንዲያገለግል መፈለግ ትክክል ነው። ስህተቱ የእኛ ነበር፤ የልጁን ደረት እንጂ የእናቱን ሐሳብ አልለካንም።

አሁን ሰው ሲመጣ የምንጠይቀው፣ «በልኩ ይሁን ለከርሞ?» ብለን ነው። ለከርሞ ከሆነ እጅጌው ከአንጓ ሁለት ጣት ያህል እንዲያልፍ እናደርጋለን። ከዚያ በላይ ካለፈ ልጁ ሲጽፍ እጅጌው ደብተሩ ላይ ይጎተታል። ክርኑም ቶሎ ይበላል።

ቅናሹ ማንን ጠቀመ

ያን ዓመት ሌላም ስህተት ሠርተናል። ጳጉሜን 1 ላይ ደጃችን ላይ ባነር ሰቅለን ነበር፦ «ለአዲሱ ዓመት በሁሉም ዕቃ ላይ 10 በመቶ ቅናሽ»። ሰው መጣ። ደስም አለን። ኋላ ሳሰላው ግን ያዘንኩት በዚህ ነው።

ሹራቡ በ480 ይገባል፣ በ600 ይሸጣል። ትርፉ 120 ነው። 10 በመቶ ስንቀንስ 540 ይሆናል፤ ትርፉ 60 ቀረ። ከዋጋው የቀነስነው አንድ አሥረኛ ነው፤ ከትርፋችን የቀነስነው ግን ግማሹን። ያንኑ ትርፍ ለማግኘት እጥፍ መሸጥ አለብን። 28 እና 30 ደግሞ በዚያው ሳምንት አልቀዋል። የሌለ ዕቃ እንዴት እጥፍ ይሸጣል?

ጳጉሜን ላይ የሚመጣ ሰው በቅናሽ ምክንያት አይመጣም። ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው፤ ልጁን ማልበስ አለበት። ቅናሽ ባንሰቅልም ይመጣ ነበር። ያልመጣው 24 እና 34 የሚፈልግ ሰው ነው። እሱ ደግሞ ስለሌለ ነው ያልመጣው።

ደሞዝተኛውንም አላየነውም ነበር። የነሐሴ ደሞዝ ከባድ ደሞዝ ነው። ጳጉሜን ደሞዝ የለውም። ስለዚህ ነሐሴ መጨረሻ ላይ የተቀበሉት ገንዘብ 35 ቀን ነው የሚገፋው። እንቁጣጣሽ በውስጡ አለ፤ የልጆች ምዝገባ፣ ዩኒፎርሙ፣ ደብተሩ ሁሉ በውስጡ አለ። ጳጉሜን 1 ላይ ብዙ አስተማሪና ነርስ ገንዘቡን መድቦ ጨርሷል። ለእሱ የሚጠቅመው ሸክሙ ከሐምሌ ደሞዝ ጀምሮ ቢከፋፈልለት ነው።

ሜትር ይዘን ወጣን

አምና በሌላ መንገድ ሄድን። አስቀድሜ የትምህርት ቤቱን ርእሰ መምህር አነጋገርኩ፤ የሹራቡ ቀለም እንደማይለወጥ በጽሑፍ አስያዝኩ። ይህን የማደርገው በሰማሁት ነው። አንድ ትምህርት ቤት ቀለሙን ነሐሴ ላይ ቀይሮ አንድ ነጋዴ ጓደኛችን መቶ ሹራብ ይዞ ቀርቷል።

ከካቻምናው የተረፉት 45 አሉ፦ አሥራ አራት 24፣ አሥራ ሦስት 26፣ ስድስት 32፣ አሥራ ሁለት 34። እነሱን ቀንሼ አዲስ የሚገዛውን 114 አደረግሁ። 24 እና 34 አንድም አላዘዝኩም። 114ቱን ግን በአንድ ጊዜ አላስመጣሁም። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ 81 አዘዝኩ፤ ከእነዚህ ውስጥ 62ቱ 28 እና 30 ናቸው። 33ቱን ያዝ አደረግሁ። የእነሱን ቁጥር የሚወስነው ነሐሴ ነው አልኩ።

ሁለተኛውን ትዕዛዝ ከነሐሴ 21 ማሳለፍ አይቻልም። አዲስ አበባ ያለው ሹራብ ሠሪያችን በሐምሌ በአሥር ቀን ያደርሳል። ጳጉሜን ላይ ሲደውሉለት «ከመስቀል በኋላ» ነው የሚለው። ሁሉም ከተማ በአንድ ሳምንት ይደውልለታላ። የአባይ በረሃ መንገድም በክረምት አያስተማምንም። መንገድ የሚዘጋበትም ጊዜ አለ። ለመንገዱ ብቻ አንድ ሳምንት ጨምሬ ነው የማስበው።

ከነሐሴ 1 ጀምሮ ደጃችን ላይ ሌላ ጽሑፍ ለጠፍን፦ «ልጅዎን ያስለኩ። 200 ብር ቀብድ ይክፈሉ። ዋጋው አይጨምርብዎትም። የደብተር ሽፋን በነፃ።» ለአንድ ልጅ የሚሆነው የደብተር ሽፋን እኛን የሚያስወጣን ከ60 ብር በታች ነው። የሚሰጠውም ቀድሞ ለመጣ ብቻ ነው። ቀሪውን ሰው ሲወስድ ይከፍላል። ቴሌግራም ላይም ያንኑ ለቀቅን። ጾመ ፍልሰታ ስለሆነ ጠዋት ሰው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ሱቁ ሞቅ የሚለው ከቅዳሴ በኋላ ነው። እህቴ ሜትሯን አንገቷ ላይ አድርጋ ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ደጅ ትቆማለች። ቡሄ ሰሞን ጅራፍ የያዙ ልጆች ሳይቀሩ ተለክተዋል።

እስከ ነሐሴ 20 ቀብድ የከፈለው 37 ሰው ነው። ብዛቱ ብዙም አልገረመኝም። የገረመኝ ድልድሉ ነው፦ 26 አራት፣ 28 አሥራ አንድ፣ 30 አሥራ ስድስት፣ 32 አምስት፣ 34 አንድ። 30 ከ28 በልጧል! ካቻምና 28 የገዙ ልጆች አድገዋል። ልጅ እንደሚያድግ የማያውቅ የለም፤ እኔ ግን ካቻምና ይዤው በነበረው ቁጥር ላይ እሱን አላሰብኩም ነበር። የቀረውን 33 ያቀድኩት 28 አሥራ ስድስት፣ 30 አሥራ አራት፣ 32 ሦስት ብዬ ነበር። ገለበጥኩት። 30 ሃያ፣ 28 አሥር፣ 32 ሦስት አደረግሁና ነሐሴ 21 ጠዋት ደወልኩ።

ቀብዱ ግን አያታልለን። ቀድሞ የሚመጣው የከተማው ሰው ነው፣ ደሞዝተኛው። የገጠሩ ሰው የሚመጣው በሁለት ጊዜ ነው። መጀመሪያ ለእንቁጣጣሽ ገበያ በግ ወይ ዶሮ ሸጦ ይመጣል። ቀጥሎ ከመስቀል በኋላ ነው። ጤፉ የሚወቃው ኅዳርና ታኅሣሥ ነው፤ መስከረም ላይ እጁ ባዶ ነው። ስለዚህ በቀብድ ያልተያዙትን ሹራቦች በጳጉሜን አውጥተን አልጨረስናቸውም። ከየቁጥሩ ሦስት አራት በካርቶን አድርገን ለመስከረም 20 አቆየን። ቀብድ ከፍሎ እስከ ጳጉሜን 3 ላልመጣ ሰው ደግሞ እንደውላለን። ስልኩ ካልሠራ ሹራቡ ይሸጣል፤ ቀብዱ ተመላሽ ነው።

ደብተር በዚህ ሁሉ ውስጥ የለበትም። ደብተር ቁጥር የለውም። ዘንድሮ ባይሸጥ ለሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ይሸጣል፤ ቢበዛ አያስፈራም። የሚያስፈራው እርጥበት ነው። ክረምት ላይ ካርቶኑ ሲሚንቶ ላይ ከተቀመጠ የታችኛው ደርዘን ሽፋኑ ይጣመማል፤ ያንን ደግሞ ማንም ወላጅ አይገዛም። እንጨት ረብርበን ነው ከመሬት ከፍ የምናደርገው። ከግድግዳውም አንድ ስንዝር እናርቀዋለን። በደርዘን ብቻ የሚሸጥ ሱቅ ደግሞ የገጠሩን ሰው ያጣዋል። እሱ ዛሬ አራት፣ ከመስቀል በኋላ አራት ነው የሚገዛው።

ሚስማሩ ላይ ያለው ደብተር

ከመደርደሪያው ጎን ሚስማር መትተን አንድ ባለ 50 ቅጠል ደብተር በሲባጎ አንጠልጥለናል። እርሳስ ታስሮበታል። «የለም» ባልን ቁጥር አንድ ሰረዝ እናሰምራለን፦ ቀን፣ ዕቃ፣ ቁጥር። ሌላ ነገር አይጻፍም። ሥራ በበዛበት ሰዓት ከዚያ በላይ ማንም አይጽፍም። ሌላ ሱቅ ዞሮ የሚመለስ ሰው ሁለቴ ሊቆጠር ይችላል፤ ለእሱ ብዙም አልጨነቅም። የሚያስቸግረው እህቴ ደክማ ስትረሳ ነው። ማታ ሱቅ ስንዘጋ፣ «ማን ማን ሳይገዛ ተመለሰ?» ብለን አንድ ላይ እናስታውሳለን።

አምና 30 ለመስከረም 20 ያቆየነውም ሳይቀር አለቀ። ከዚያ በኋላ ሰባት ሰረዝ አለ። ከ28 ሦስት ተረፈ። በጠቅላላ የቀረው 19 ሹራብ ነው፤ ካቻምና 45 ነበር። ከእነሱ ውስጥ ዘጠኙ እነዚያው አሮጌ 24ቶች ናቸው። ዘንድሮ ባነር አንሰቅልም። ከመስከረም 20 በኋላ «ቁጥር 24 እና 34 ብቻ በ480» ብለን አንድ ወረቀት እንለጥፋለን። መነሻው ነው፣ አንከስርም፤ የታሰረውም ገንዘብ ይፈታል።

አሁን ሰኔ ሊያልቅ ነው። አባዬ ትናንት የሚስማሩን ደብተር አውርዶ ሲያገላብጥ አየሁት። ለ30 ሃምሳ አምስት ልያዝ ወይስ ሃምሳ እያልን እየተከራከርን ነው። እሱ ሃምሳ ይላል። እኔ ነሐሴ 20 እስኪያልፍ አምስቱን አላዝም ብዬዋለሁ፤ አልሰርዛቸውምም። ደብተሩ ላይ ደግሞ አምና ልብ ያላልነው ነገር አግኝተናል። «ጉርድ፣ ረዘም ያለ» ተብሎ በእህቴ እጅ ዘጠኝ ጊዜ ተጽፏል። ዛሬ ከሰዓት ወደ ሰፊያችን ሄጄ፣ ከአንድ ጣቃ ተትረን ስንት ረዘም ያለ ጉርድ እንደሚወጣ እጠይቀዋለሁ።